ሜኑው ስንት ሲረፕ ይፈልጋል? የኮክቴል ሲረፕና ጋርኒሽ አመራረጥ

አዲስ የኮክቴል ሜኑ ሲወጣ ቶሎ የሚበዛው አልኮሉ ሳይሆን ሲረፑ ነው። ለአንዱ የማር፣ ለሌላው የናና፣ ለሦስተኛው የጥብስ ቅጠል እየተባለ ይቀጥላል። ሁለት ወር ሳይሞላ ፍሪጁ ስም በተለጠፈባቸው ግማሽ ጠርሙሶች ይጨናነቃል። እኔም አድርጌዋለሁ። ስድስት መጠጥ ላለው ሜኑ ሰባት ሲረፕ አፍልቼ አውቃለሁ። ሰባተኛው ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መጠጡን ለማስጌጥና ለማሽተት የሚጨመረው ጋርኒሽም ላይ ያው ነው። ብርጭቆ አፍ ላይ የሚቀመጠው ክብ የሎሚ ቁራጭ ቀላል ነገር ይመስላል። ሌሊቱን ሙሉ ስንት ሎሚ እንደበላ ግን የሚቆጥር የለም።

እዚህ የማነጻጽረው አራት ዓይነት ሲረፕና አራት ዓይነት ጋርኒሽ ነው። ከዚያ ስድስት መጠጥ ባለው ሜኑ ላይ አስቀምጬ ሂሳቡን እስከ መጨረሻው እሠራዋለሁ። ዋጋ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የምቆጥረው በገንዘብ አይደለም፤ በፍሬ ብዛት፣ በግራምና በሚሊ ሊትር ነው። የገበያውን ዋጋ እናንተ ታባዙበታላችሁ።

በምን እንመዝናቸው?

አራት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ጣዕሙ ማን ቢሠራው፣ መቼ ቢሠራው አንድ ዓይነት ነው? ሁለተኛ፣ ስንት መጠጥ ላይ ይውላል? ለአንድ መጠጥ ብቻ የሚፈላ ሲረፕ ያ መጠጥ ካልተሸጠ ይደፋል። ሦስተኛ፣ ሳይበላሽ ስንት ቀን ይቆያል? አራተኛ፣ ሰው በተሰለፈበት ሰዓት ስንት የእጅ ሥራ ይጠይቃል?

ውበት አልረሳሁም። ግን ከአራቱ በኋላ ነው የሚመጣው።

ጣፋጭ፣ ኮምጣጣና መራራ በቁጥር

ሲረፕ ከመምረጣችን በፊት ሲረፑ የሚሠራውን ሥራ እንይ። የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ከመቶ 6 ያህሉ አሲድ ነው። የተለመደው ኮምጣጣ ኮክቴል 22.5 ሚሊ ጭማቂ ይገባበታል። ይህ 1.35 ግራም አሲድ ማለት ነው። ይህን የሚያመዛዝነው ስኳር 13 ወይም 14 ግራም አካባቢ ነው። በግርድፉ 10 ለ 1 በሉት። ከዚህ ወረድ ያለ ምላስ የሚቆነጥጥ ይሆናል፣ ከፍ ያለ ደግሞ ከንፈር ላይ ይጣበቃል።

መራራው ሲገባ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ቦታ አለች። ቀይ መራራ ሊከር መራራ ስለሆነ ስኳር የሌለው ይመስላል። በእርግጥ ግን ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ200 እስከ 250 ግራም ስኳር ይይዛል። በቅመም የሚሠራ ወይን የሆነው ጣፋጭ ቬርሙዝም ቢያንስ በሊትር 130 ግራም አለው። ከጂን፣ ከመራራ ሊከርና ከቬርሙዝ በሚሠራው ኔግሮኒ ውስጥ ሲረፕ አይገባም፤ ሆኖም በ30 ሚሊ ሊከርና በ30 ሚሊ ቬርሙዝ ብቻ 10 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስኳር ይጠጣል። ምሬቱ ስኳሩን ይደብቃል፣ ስኳሩም ምሬቱን ያለዝባል።

ስለዚህ መራራ ሊከር ስትጨምሩ ሲረፑን ቀንሱ። ሜኑ ላይ «መራራ» ተብሎ የተጻፈው መጠጥ ከሁሉም ይበልጥ ጣፋጭ ሆኖ የሚገኘው ይህ ስለሚዘነጋ ነው። በጠብታ የሚጨመረው መራራ የቅመም ቅንብር፣ ቢተርስ፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት ሦስት ጠብታ ስለሚገባ ስኳሩ ከሂሳብ አይገባም።

አራቱ ሲረፖች

*እኩል በእኩል።* 1 ኪሎ ስኳር በ1 ኪሎ ውሃ። ሁሉም የሚያውቀው ነው። ሳይፈላም በመበጥበጥ ብቻ ይሟሟል። ከጠርሙስ ቶሎ ይፈስሳል፣ በመለኪያም ስሕተቱ ትንሽ ነው፤ 2 ሚሊ ብታዛንፉ ማንም አያውቅባችሁም። ችግሩ ዕድሜው ነው። ውሃው ብዙ ስለሆነ ፍሪጅ ውስጥ እንኳ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ነው የሚቆየው። መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ከዚያ እንደ ክር ያለ ነገር ይንሳፈፍበታል። ክሩን ካያችሁ አጥልሎ ለመጠቀም አትሞክሩ፤ ድፉት።

*ሁለት ለአንድ።* 1 ኪሎ ስኳር በ500 ግራም ውሃ። ይህን ማሞቅ ግድ ነው። ማፍላት ግን አያስፈልግም፤ ስኳሩ ሲሟሟ አውርዱት። ብዙ ከፈላ ውሃው ይተንናል፣ ሲረፑም ካሰባችሁት በላይ ይወፍራል። ፍሪጅ ውስጥ ለወራት ይቆያል። አንድ ጠባይ አለው፦ በክፍል ሙቀት ውሃ ሊሸከም የሚችለውን ስኳር ጥግ ድረስ ስለያዘ፣ ሲቀዘቅዝ ጠርሙሱ ታች ላይ ክሪስታል ሊሠራ ይችላል። አልተበላሸም። ሙቅ ውሃ ውስጥ ብታቆሙት ተመልሶ ይሟሟል። ሳይሟሟ ከተጠቀማችሁበት ግን ከላይ የምትቀዱት የሳሳውን ነው።

ሁለቱን ስትለዋውጡ የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር አንድ ብቻ ነው። ሁለት ለአንዱ በመጠን ሁለት ሦስተኛ ይገባል። 22.5 ሚሊ እኩል በእኩል የነበረው 15 ሚሊ ሁለት ለአንድ ይሆናል። ስኳሩ በሁለቱም 13 ግራም ተኩል ገደማ ነው። ከዚህ የሚከተለውን ልብ በሉ፦ ለአንድ መጠጥ የሚወጣው ስኳር እኩል ስለሆነ፣ በስኳር ወጪ አንዱ ከሌላው አይረክስም። የሚለያቸው ቦታ፣ ዕድሜና የመጠጡ ወፍራምነት ነው።

*የማር ሲረፕ።* ማር እንዳለ ሼከር ውስጥ ከገባ በረዶው ላይ ይደርቃል። ስለዚህ 2 እጅ ማር በ1 እጅ ሙቅ ውሃ ይቀጠናል። 20 ሚሊው 14 ግራም ያህል ስኳር ይሰጣል። ጣዕሙ ደስ ይላል፤ ግን ማር ከማር ይለያያል። አዲስ ማር በተገዛ ቁጥር መጠጡን ሠርቶ መቅመስ ያስፈልጋል። በዋጋም ከስኳር ስለሚበልጥ ከአንድ ወይም ከሁለት መጠጥ በላይ አላስገባውም።

*የልጣጭ ሲረፕ።* ከአራቱ የምወደው ይህን ነው። 100 ግራም የሎሚ ልጣጭ ከ200 ግራም ስኳር ጋር በእጅ ይታሻል፣ ተከድኖ ያድራል። ጠዋት ስኳሩ በልጣጩ ዘይት ረጥቦ ቢጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ክዳኑን ስትከፍቱ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። 100 ግራም ሙቅ ውሃ ጨምሩ፣ አሟሙት፣ አጥልሉት። ጥንካሬው ከሁለት ለአንዱ ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ በ15 ሚሊው ቦታ 15 ሚሊ ይገባል። ልጣጩ የሚመጣው ለጭማቂ ከሚጨመቀው ሎሚ ነው፤ ለብቻው የሚገዛ ነገር የለም። ነጩ ክፍል አብሮ ከተላጠ ግን ያልታሰበ ምሬት ይገባል። በፍሪጅ ከአሥር ቀን በላይ አላቆየውም። ሲከፈት ፍስ የሚል ድምፅ ካለው ወይም እንደ እርሾ ከሸተተ ማብላላት ጀምሯል።

በቅጠልና በፍራፍሬ የሚሠሩት ሌሎች ሲረፖች ዕድሜያቸው ከዚህም ያጥራል። አንድ ብቻ ካላችሁ ይቻላል። ሦስት ከሆኑ ቢያንስ አንዱ ሁልጊዜ የቆየ ነው።

አንድ ነገር ሳልረሳ። በሚዛን መዝኑ እንጂ በኩባያ አትስፈሩ። 240 ሚሊ በሚይዝ ኩባያ ስኳር 200 ግራም ገደማ ነው፤ ያው ኩባያ ውሃ 240 ግራም ነው። «እኩል በእኩል» ብሎ በኩባያ የሠራና በሚዛን የሠራ ሰው ሁለት የተለያየ ሲረፕ ነው ያላቸው። ማክሰኞ ዳይኪሪው ኮመጠጠ፣ ረቡዕ ጣፈጠ የሚባለው ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ሎሚውን ሳይሆን ሲረፑን ማን በምን እንደሰፈረው ነው።

አራቱ ጋርኒሾች

ለጋርኒሽ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ይህ ነገር መጠጡ ውስጥ የሚሠራው ሥራ አለው? ሽታ ካልሰጠ ወይም ጣዕም ካላስተካከለ ለፎቶ ነው ማለት ነው።

የተላጠ ቀጭን ልጣጭ ሥራ አለው። መጠጡ ላይ ሲጠመዘዝ ዘይቱ ይረጫል፣ አፍንጫ ከምላስ ቀድሞ ያገኘዋል። ከአንድ ጥሩ ቢጫ ሎሚ 5 ያህል ልጣጭ ይወጣል፣ ሎሚውም ከዚያ በኋላ ይጨመቃል። ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው፦ መጀመሪያ መላጥ፣ ከዚያ መጭመቅ። የተጨመቀ ሎሚ ይልፈሰፈሳል፤ ቢላም መላጫም አይዘውም።

ክብ ቁራጭ ለዓይን ያምራል። ሁለቱ ጫፎች ሲጣሉ ከአንድ ሎሚ 6 ያህል ይወጣል። ያ ሎሚ ግን ለጭማቂ አይመለስም። ሲዘጋ የቀረው ቁራጭም ዳር ዳሩ ደርቆ ይጣላል።

የደረቀ ክብ ቁራጭ በ65 ዲግሪ አካባቢ ኦቨን ውስጥ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ይቆያል። አየር በማያስገባ ዕቃ ለሳምንታት ይቀመጣል፤ ሲዘጋ የሚጣል ነገር የለም። ሽታ ግን እምብዛም የለውም። ቁራጩ ጥቁር ቡኒ ከሆነ ሙቀቱ በዝቷል፤ እንደ ካራሜል ይሸታል፣ ይመርራል።

የናና ቅርንጫፍ ሽታው ከሁሉም ይበልጣል። አንድ እስር ግን በሁለት ሦስት ቀን ይጠወልጋል። ሜኑው ላይ ናና ያለበት አንድ መጠጥ ብቻ ከሆነ ከእስሩ ግማሹ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ወይ ሁለት መጠጥ ላይ ይዋል፣ ወይ ጭራሹኑ አይግባ።

አምስተኛ አማራጭም አለ፤ ባዶ ብርጭቆ። ዳይኪሪ ላይ ምንም ባይደረግ ማንም አይከፋውም።

በአጭሩ

| አማራጭ | የጣዕም ወጥነት | ዕድሜ | ብክነት | የት ይሻላል |
|---|---|---|---|---|
| እኩል በእኩል ሲረፕ | ከፍተኛ፣ በሚዛን ከተሠራ | 3–4 ሳምንት | አነስተኛ | ለጀማሪ፣ ለቤት |
| ሁለት ለአንድ ሲረፕ | ከፍተኛ፤ መለኪያው ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል | ወራት | የለም ማለት ይቻላል | ሥራ ለሚበዛበት ባር |
| የማር ሲረፕ | እንደ ማሩ ይለያያል | ጥቂት ሳምንት | መካከለኛ | ለአንድ ወይም ሁለት መጠጥ |
| የልጣጭ ሲረፕ | ጥሩ | 10 ቀን | ከትርፍ ልጣጭ ይሠራል | ብዙ ሎሚ ለሚጨምቅ |
| ቀጭን ልጣጭ | ከፍተኛ | የዕለቱ | ሎሚው ይጨመቃል | ለመራራና ለጠንካራ መጠጥ |
| ትኩስ ክብ ቁራጭ | መካከለኛ | የዕለቱ | ከፍተኛ | ለረጅም ብርጭቆ |
| የደረቀ ክብ ቁራጭ | መካከለኛ፣ ሽታ የለውም | ሳምንታት | አነስተኛ | ሽያጭ ለማይገመትበት |
| ናና | ከፍተኛ ሽታ | 2–3 ቀን | ከፍተኛ | ሁለት መጠጥ ላይ ከዋለ |

ስድስት መጠጥ፣ ሁለት ሲረፕ

አሁን ሜኑ እናውጣ። ስድስቱን ስመርጥ ሁለት ኮምጣጣ፣ አንድ ረጅም፣ አንድ ጠንካራ፣ አንድ መራራ፣ አንድ ደግሞ ኮምጣጣና መራራ እንዲሆን አድርጌ ነው።

ዳይኪሪ፦ 60 ሚሊ ሩም፣ 22.5 የላይም ማለትም የአረንጓዴው ሎሚ ጭማቂ፣ 15 ሁለት ለአንድ። የማር ጂን ሳወር፦ 60 ጂን፣ 22.5 ሎሚ፣ 20 የማር ሲረፕ። ቶም ኮሊንስ፦ 45 ጂን፣ 22.5 ሎሚ፣ 15 ሁለት ለአንድ፣ ሶዳ። ኦልድ ፋሽንድ፦ 60 ውስኪ፣ 5 ሁለት ለአንድ፣ 2 ወይም 3 ጠብታ ቢተርስ። ኔግሮኒ፦ ጂን፣ ቀይ መራራ ሊከርና ጣፋጭ ቬርሙዝ እያንዳንዳቸው 30።

ስድስተኛው ነው የሚያስቸግረው። 45 ውስኪ፣ 20 ቀይ መራራ ሊከር፣ 22.5 ሎሚ። ሲረፑስ? እጅ የለመደው 15 ነው። ግን ሊከሩ ራሱ ከ4 እስከ 5 ግራም ስኳር ይዞ ገብቷል። 15 ሚሊ ከጨመራችሁ ጠቅላላው ወደ 18 ግራም ይደርሳል፤ ምሬቱ ይጠፋል፣ መጠጡ ከረሜላ ይሆናል። 10 ሚሊ ስታደርጉት ግን ወደ 13 ግራም ተኩል ይመለሳል፤ ከዳይኪሪው ጋር እኩል። ምሬቱም መጨረሻ ላይ ብቅ ይላል። የ5 ሚሊ ልዩነት ናት። አሁንም ምሬቱ ከከበደ ሲረፕ አትጨምሩ፤ 20 ግራም ጨው በ80 ግራም ውሃ አሟሙታችሁ 2 ጠብታ አድርጉበት። ጨው ምሬትን ያለዝባል።

አንድ ምሽት 120 መጠጥ፣ ከእያንዳንዱ 20 ይሸጣል እንበል። ሁለት ለአንዱ ሲረፕ 900 ሚሊ ይወጣል፦ ዳይኪሪ 300፣ ኮሊንስ 300፣ ኦልድ ፋሽንድ 100፣ ስድስተኛው 200። ከ1 ኪሎ ስኳርና ከ500 ግራም ውሃ 1.1 ሊትር ትንሽ አልፎ ይወጣል። አንድ ድስት ለአንድ ምሽት ይበቃል፣ ትርፉም ለነገ ይሆናል። የማር ሲረፑ 400 ሚሊ ነው፤ ከ350 ግራም ያነሰ ማር ይፈልጋል። በቃ። አምስት መጠጥ በሁለት ጠርሙስ፣ ኔግሮኒው ያለ ምንም ሲረፕ።

ጭማቂው የሚገባው አራት መጠጥ ውስጥ ነው። 80 ብርጭቆ በ22.5 ሚሊ 1.8 ሊትር ይሆናል። ከአንድ ፍሬ 30 ሚሊ ብንገምት 60 ፍሬ ያስፈልጋል። 15ቱ ለዳይኪሪው የሚሆን ላይም ነው፣ 45ቱ ቢጫ ሎሚ።

ጋርኒሹ ላይ ያለው ልዩነት የሚታየው እዚህ ነው። በአራቱም ላይ ክብ ቁራጭ ካስቀመጥን 80 ቁራጭ ያስፈልጋል። በ6 ሲካፈል 14 ፍሬ ነው። ከ60ው በተጨማሪ ማለት ነው፤ የሎሚ ግዢው ከአምስት አንድ በላይ ጨመረ፣ ማንም ሳይጠጣው። በልጣጭ ከሆነ ግን 45ቱ ቢጫ ሎሚ 225 ልጣጭ ይሰጣል። ሦስቱ መጠጦች የሚፈልጉት 60 ነው። ዳይኪሪው ባዶውን ይወጣል፤ የላይም ልጣጭ ቀጭን ስለሆነ ለመጠምዘዝም አይመችም። ተጨማሪ የሚገዛ ፍሬ የለም። የቀረው ልጣጭ ለልጣጭ ሲረፕ ይሆናል፣ ያም በነጋታው ቶም ኮሊንስ ውስጥ በሁለት ለአንዱ ፈንታ ይገባል።

ኦልድ ፋሽንድና ኔግሮኒ የብርቱካን ልጣጭ ይፈልጋሉ። ከአንድ ብርቱካን 6 ልጣጭ ብንገምት ለ40 ልጣጭ 7 ብርቱካን ነው። እዚህ ነፃ የለም፤ ሜኑው ላይ የብርቱካን ጭማቂ የሚገባበት መጠጥ ስለሌለ የተላጡት ፍሬዎች ይቀራሉ። ልጣጭ የሌለው ብርቱካን ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። ወይ ለሠራተኛው ይጨመቅ፣ ወይ ኔግሮኒው ላይ የሎሚ ልጣጭ ይሁን። እኔ ኦልድ ፋሽንድን በብርቱካን፣ ኔግሮኒን በሎሚ አደርጋለሁ። 4 ብርቱካን ይበቃኛል። ኔግሮኒ በብርቱካን ነው የሚሉ ሰዎች ይቆጡኛል፤ ይቆጡ።

ለእናንተስ የትኛው?

ባሩ ሰው የሚበዛበት ከሆነ ሁለት ለአንድን መሠረት አድርጉ፣ ጋርኒሹን ልጣጭ። ልጣጩ ባሩ ከመከፈቱ በፊት ተዘጋጅቶ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን። 5 እና 10 ሚሊ ምልክት ያለው መለኪያ ግን ይኑራችሁ፤ ወፍራም ሲረፕ በዓይን ሲፈስስ ይከዳል።

ሽያጩ አንድ ቀን 10፣ አንድ ቀን 80 የሆነበት ቤት ዋናው ጠላቱ ብክነት ነው። እዚያ ማሩንም ተዉት፤ አንድ ሁለት ለአንድ ሲረፕ ብቻ፣ ክብ ቁራጭ የግድ ከተፈለገም የደረቀው። ልዩነቱን ለቢተርስና ለመራራ ሊከር ስጡት። አልኮል ስለሆኑ ዓመት ቢቀመጡ አይጨነቁም። ቬርሙዝ ግን ወይን ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ይግባ፣ በወር በሁለት ወር ይለቅ።

ሥራው ቀለል ያለ፣ እንግዳው ደግሞ አዲስ ነገር የሚወድ ከሆነ የልጣጭ ሲረፕና አንድ የቅጠል ሲረፕ ጨምሩ። በትንሽ ጠርሙስ፣ የተሠራበት ቀን ተጽፎበት።

ቤት ውስጥ ለ20 ሰው ለምታዘጋጁ እኩል በእኩል ይሻላል፤ መለኪያ ላይ ሲሳሳቱ ይቅር ባይ ነው። ኔግሮኒውን አስቀድማችሁ በጠርሙስ አዘጋጁት፦ 600 ሚሊ ጂን፣ 600 መራራ ሊከር፣ 600 ቬርሙዝ፣ ከዚያም በረዶ ሲማሰል የሚጨምረውን ውሃ የሚተካ 400 ሚሊ ውሃ። ፍሪጅ ውስጥ ይቀዝቅዝ፣ ከጠርሙሱ በቀጥታ ይቀዳ። ሎሚ የሚገባበትን መጠጥ ግን አስቀድማችሁ አትቀላቅሉ። ሲረፑና አልኮሉ አብረው ይደሩ፤ ሎሚው እንግዶቹ ሊመጡ ሲሉ ይጨመቅ።